ጥርሴ የበለዘው በእኔ ጥፋት ነው? ስለበለዘ ጥርስና ስለሚያስከትለው ሐፍረት

ጎህ ቀዳጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የላይኛው የፊት ጥርሶቼ በሙሉ፣ የታችኞቹ ደግሞ በከፊል በልዘዋል። ቡናማው ቀለም በጥርሶቼ መሐል አግድም ያልፋል፤ ከእሱ በላይና በታች ያለው ደግሞ ኖራ የመሰለ ደብዛዛ ነጭ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ እቦርሻለሁ፣ አላጨስም፣ ጥርሴንም አሞኝ አያውቅም። ሁለት ጊዜ አሳጥቤው ቡናማው ምንም ሳይቀንስ ቀርቷል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በቅርቡ የቀረብኩበት የሥራ ቃለ መጠይቅ ነው። ከጠያቂዎቹ አንዱ መልሴን እያዳመጠ ሳለ ዓይኑ ከዓይኔ ወደ አፌ ወረደና እዚያው ቀረ። የቀሩትን ጥያቄዎች ከንፈሬን ብዙም ሳልከፍት ለመመለስ ስሞክር ድምፄ ስለታፈነ፣ በደንብ የማውቀውን ነገር ሁለት ጊዜ እንድደግም ተጠየቅኩ። ሥራው የቀረብኝ በዚህ ምክንያት ነው ማለት አልችልም። የማውቀው ግን ሰው ጥርሴን ሲያይ ራሷን የማትጠብቅ ሴት ነች ብሎ እንደሚደመድም ነው።

ሁለት ነገር መጠየቅ እፈልጋለሁ። ይህ በእርግጥ ካለመጠንቀቅ የመጣ ነው? መፍትሔስ አለው?

የቤት መድኃኒት

እህቴ፣ ይህ ፍሎራይድ የሚያመጣው ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ላይ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያ ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ከቤትዎ ያውጡ። ሁለተኛ የሚጠጡትን ውሃ በደንብ አፍልተው ይጠጡ። ሦስተኛ የከሰል ዱቄት በሎሚ ለውሰው በየቀኑ ጠዋት ይፈትጉት። ትዕግሥት ካለዎት ለውጡን ራስዎ ያዩታል።

ሐኪም ዘጥርስ

እዚህ ላይ ጣልቃ መግባት ግድ ይለኛል። የጥርስ ሐኪም ነኝ። «የቤት መድኃኒት» መንስኤውን ሳይስቱት አይቀሩም፤ የሰጡት ምክር ግን ሦስቱም ጉዳት አለው።

ፍሎራይድ ጥርስን የሚያበልዘው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ባለበት ዕድሜ ብቻ ነው። የቋሚ የፊት ጥርሶች ጠንካራ ሽፋን ከልደት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት መሠራት ይጀምርና እስከ አምስት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ይጠናቀቃል። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ መጨረሻ ከሚበቅሉት የመንጋጋ ጥርሶች በቀር፣ ሊበልዝ የሚችል ጥርስ አይቀርም። ስለዚህ በ31 ዓመት ዕድሜ ሳሙናውን መጣል የበለዘውን አያነጣም፤ ይልቁንም እስከ ዛሬ ሳይቦረቦር የቆየውን ጥርስ መከላከያ ያሳጣዋል። ውሃ ሲፈላ የሚተነው ውሃው ነው፤ ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር መጠኑ በጥቂቱም ቢሆን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የሎሚው አሲድ ሽፋኑን ያለሰልሳል፣ ከሰሉም የለሰለሰውን ይፍቃል። ቡናማው ከላይ የተለጠፈ ሳይሆን ውስጥ የገባ በመሆኑ፣ በዚህ መንገድ ቀድሞ የሚያልቀው ጤነኛው ክፍል ነው።

ጠያቂያችን፣ ከመመለሴ በፊት ጥቂት ነገር ልጠይቅዎት። ብልዘቱ በግራና በቀኝ ጥርሶች ላይ ተመሳሳይ ነው? እስከ ስምንት ዓመትዎ ድረስ የጠጡት ምን ዓይነት ውሃ ነበር? የወንድሞችዎና የእህቶችዎ ጥርስስ እንዴት ነው? ጥርሶችዎ ሲበቅሉ ጀምሮ ቡናማ ነበሩ ወይስ በኋላ ነው የተለወጡት? በመጨረሻም፣ ጥፍርዎን ሲያስኬዱበት የሚይዝ ጉድጓድ አለ?

ጎህ ቀዳጅ

ግራና ቀኙ በመስታወት እንደሚታይ ምስል ይመሳሰላል። ጥፍሬን የሚይዝ ነገር የለም፤ ለስላሳ ነው። የተወለድኩት ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ በሚወጣበት አካባቢ ሲሆን ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ከዚያ ለቀናል። ታላቅ ወንድሜ ስድስት ዓመት ሆኖት ነው ቤተሰባችን ወደዚያ የሄደው። የፊት ጥርሶቹ ምንም የላቸውም፤ ወደ ኋላ ያሉት ላይ ግን ደብዛዛ ነጭ ነጠብጣብ አለ። ታናሽ እህቴ የተወለደችው ከዚያ ከለቀቅን በኋላ ነው፤ የእሷ ጥርስ ንጹሕ ነው።

አበቃቀሉን በተመለከተ እናቴን ጠየቅኳት። ቋሚ ጥርሶቼ ሲወጡ ደብዛዛ ነጭ እንደነበሩና ቡናማው ዓመት እየቆየ እንደመጣ ነገረችኝ። ለዚህም ነበር «ነጭ ጥርስ ሰጥቶሽ አንቺ አበላሸሽው» እያለች የምትቆጣኝ። እህቴ ከእኔ ያነሰ እየቦረሸች ጥርሷ መንጣቱ፣ እናቴ ትክክል ሳትሆን አትቀርም ብዬ እንዳምን አድርጎኝ ኖሯል።

ሐኪም ዘጥርስ

እናትዎ ያዩት እውነት ነው፤ ከዚያ ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን ትክክል አይደለም። የጥርስ ሽፋን ሲሠራ በመጀመሪያ ለስላሳ ፕሮቲን ይበዛበታል፤ ኋላ ፕሮቲኑ እየወጣ ቦታውን ማዕድን ይሞላዋል። በዚያ ዕድሜ ወደ ሰውነት የሚገባው ፍሎራይድ ሲበዛ የፕሮቲኑ መውጣት ይጓተትና ከላዩ ሥር በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። እንዲህ ያለ ጥርስ ሲበቅል ቡናማ ሳይሆን ደብዛዛ ነጭ ነው። ቡናማው የሚመጣው ከምግብና ከመጠጥ የሚገኘው ቀለም በእነዚያ ቀዳዳዎች ቀስ በቀስ ሲሰርግ ነው። ልጅ በደንብ ቢቦርሽም ያው ነው፤ ብሩሽ እዚያ አይደርስም። እጥበትም የሚያነሣው ከላይ የተጋገረውን ብቻ ስለሆነ ሁለቱ እጥበቶች ለውጥ ያላመጡት ለዚህ ነው።

የሦስታችሁን ጥርስ ጎን ለጎን ብናስቀምጠው ታሪኩን ራሱ ይናገራል። እርስዎ የፊት ጥርሶችዎ የተሠሩባቸውን ዓመታት በሙሉ በዚያ ውሃ አሳለፉ። ወንድምዎ ሲደርስ የፊት ጥርሶቹ ሽፋን አልቆ ነበር፤ የኋለኞቹ ግን ገና ስላልተጠናቀቁ እነሱ ላይ ብቻ ምልክት ቀረ። እህትዎ ያንን ውሃ በሕፃንነቷ አልጠጣችም። በመካከላችሁ ያለው ልዩነት የብሩሽ ልዩነት አይደለም።

መቦርቦር ቢሆን ኖሮ መልኩ ሌላ ይሆን ነበር። ቡርቦራ የሚጀምረው ምግብ በሚያድርበት ቦታ፣ ማለትም በድዱ ጠርዝ፣ በሁለት ጥርሶች መካከል ወይም በመንጋጋ ጥርስ ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ ግራና ቀኝ እኩል አይሄድም፣ እየቆየም ይለሰልሳል፣ ይጎደጉዳል። አንድ ጥርስ ብቻ ከጠቆረ በልጅነት የደረሰ ምት ይጠረጠራል። ጥርሶቹ ሁሉ ወደ ግራጫ የሚያደላ ሰፊ መስመር ካላቸው ደግሞ በልጅነት ቴትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ተወስዶ እንደሆነ እንጠይቃለን። የእርስዎ ሁኔታ ከፍሎሮሲስ፣ ማለትም ፍሎራይድ በልጅነት ከሚያመጣው ብልዘት፣ ጋር በሚገባ ይገጥማል። ያም ሆኖ አፍዎን በብርሃን ያየ ሐኪም ማረጋገጥ አለበት።

መዝገብ አገላባጭ

የእነዚህ ሦስት ልጆች ነገር ምሥጢሩ መጀመሪያ የተፈታበትን መንገድ ስለሚመስል ጥቂት ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍሬደሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሥራ ሲጀምር በዚያ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ አገኘ። የከተማው ሰው ምክንያቱን ከምግብ እስከ ውሃ ካልሲየም ድረስ ይገምት ነበር። ማኬይና ባልደረባው ግሪን ብላክ ባደረጉት ምርመራ ሁለት ነገር ተገለጸ፦ ቋሚ ጥርሳቸው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የመጡ ሰዎች አይበልዙም፤ የበለዙትም ጥርሶች ከሌሎቹ በተሻለ መቦርቦርን ይቋቋማሉ።

በ1923 ማኬይ ኦክሊ ወደምትባል የአይዳሆ ከተማ ተጠራ። ወላጆች የልጆቻቸው ጥርስ መበለዝ የጀመረው ከአንድ ፍል ውሃ ምንጭ ቧንቧ ከተዘረጋ ወዲህ ነው አሉት። ምንም እንኳ በውሃው ውስጥ ያለውን ነገር ማግኘት ባይችልም ምንጩን እንዲለውጡ መከራቸው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የታናናሾቹ ልጆች ጥርስ ሳይበልዝ በቀለ። ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው በ1931 ቸርችል የተባለ የአሉሚኒየም ኩባንያ ኬሚስት ቦክሳይት ከተባለች ከተማ የመጣ ውሃ ሲመረምር ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ፣ በሕንድና በቻይና አንዳንድ ክፍሎች የሚኖሩ እጅግ ብዙ ሰዎች ዛሬም በዚሁ ምክንያት ጥርሳቸው ይበልዛል። ከሚመለከቷቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ታሪክ ስለማያውቁት ጥርሱን አይተው የሰውየውን ጠባይ ይፈርዳሉ።

ዝም ያለ ሰው

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ጠያቂዋም እፎይ በማለቷ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። እሷን የምታጽናኗት «ያንቺ ቡርቦራ አይደለም፣ ጥፋትሽ አይደለም» እያላችሁ ነው። ታዲያ ጥርሱ በእርግጥ የተቦረቦረው ሰው ሐፍረቱ ይገባዋል ማለት ነው?

የ44 ዓመት ሰው ነኝ። ከላይ ሁለት የፊት ጥርስ የለኝም፤ ከአጠገባቸው ያለውም ጥቁር ነው። መጀመሪያ ትንሽ ጉድጓድ ነበረች። ሐኪም ዘንድ ያልሄድኩት ወንበሩ ላይ ጋደም ብዬ አፌን ስከፍት የሚሰጠኝን ተግሣጽ ፈርቼ ነው። ከዚያ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም መጣ፤ ከሳምንት በኋላ በራሱ ሲተወኝ ዳንኩ ብዬ አመሰገንኩ። ከወራት በኋላ ፊቴ አበጠ፤ የዚያን ጊዜ ጥርሱ ከመነቀል በቀር ምርጫ አልነበረውም። ሁለተኛውም በዚሁ መንገድ ሄደ። ልጄ ሲመረቅ በተነሣነው ፎቶ ላይ ሁሉም ስቀው እኔ ብቻ የተቆጣሁ እመስላለሁ። ደስታዬን ያየልኝ ሰው ስለሌለ ልጄ ራሱ «አባዬ ምን አስከፋህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሐኪም ዘጥርስ

ትክክለኛ ተቃውሞ ነው፤ አልከላከልም። ለጠያቂያችን የመለስኩት የምርመራ ጥያቄ ነበር፤ ሲነበብ ግን ንጹሕና በደለኛ የመለየት መስሏል።

ሕመሙ በራሱ ሲቆም የተሰማዎት ነገር ብዙዎችን ያታልላል። ቡርቦራው ወደ ነርቩ ሲደርስ ያማል፤ ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ይጠፋል። በሽታው ግን ያኔ ወደ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል፤ እብጠቱም ከዚያ ይነሣል። ሕመሙ በጠፋበት ወቅት የሥር ሕክምና ተደርጎ ቢሆን ጥርሱ ሊተርፍ ይችል ነበር፤ በመጀመሪያዋ ጉድጓድ ደግሞ አንድ ሙሌት ይበቃው ነበር። እርስዎን ከሙሌት ወደ መነቀል ያደረሰዎት በአብዛኛው ተግሣጹን መፍራትዎ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሙያ ባልደረቦቼ ድርሻ አለን። ታካሚ አፉን ከፍቶ መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት መገሠጽ ሕክምና አይደለም።

ሒሳብ መምህር

«ዝም ያለ ሰው» ባነሡት ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሼሪ ግሊድና ማቲው ናይደል የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ቡርቦራን ለመከላከል ፍሎራይድ በተጨመረበት ውሃ ያደጉ ሴቶች ካላገኙት ሴቶች 4 በመቶ ገደማ የበለጠ ደመወዝ እንደሚያገኙ አሳይቷል፤ ልዩነቱም በይበልጥ የታየው ከዝቅተኛ ኑሮ ቤተሰብ በወጡት ላይ ነው። በወንዶች ላይ ግን ልዩነት አልተገኘም። ሰዎች ከጥርስ ተነሥተው ዋጋ እንደሚተምኑና ሴቷን በይበልጥ በመልኳ እንደሚመዝኑ ከዚህ እረዳለሁ። ስለዚህ ጠያቂዋ በቃለ መጠይቁ ላይ የተሰማት ነገር ከንቱ ጥርጣሬ አይመስለኝም።

የሁለት ልጆች እናት

ይቅርታ፣ ግራ ገባኝ። አንዱ ፍሎራይድ አበለዘ ይላል፣ ሌላው ፍሎራይድ ደመወዝ ጨመረ ይላል። የሁለት ዓመት ልጄን በምን ልቦርሽላት?

ሐኪም ዘጥርስ

ሁለቱም ትክክል ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከመጠኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ለመከላከያ ተብሎ የሚጨመረው ከዚህ ያነሰ ሲሆን፣ በአንዳንድ ጥልቅ ጉድጓዶች ግን ብዙ እጥፍ ይገኛል። ለልጅዎ ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ይጠቀሙ፤ እስከ ሦስት ዓመቷ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከዚያ እስከ ስድስት ዓመቷ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ። ራስዎ ይቦርሹላት፤ መትፋት ስትችልም እንዳትውጠው ያስተምሯት። የምትጠጡት የጉድጓድ ውሃ ከሆነና የጎረቤት ልጆች ጥርስ የበለዘ ከሆነ ግን ከሳሙናው በፊት ውሃው ይመርመር።

አሁን ወደ ጠያቂያችን ሁለተኛ ጥያቄ። ጥርሱ ለስላሳ ከሆነና ጉድጓድ ከሌለው ሥራው ከቀላሉ መጀመር አለበት። የመጀመሪያው በጥርስዎ ልክ በተሠራ ቅርጽ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ጄል ሌሊት ሌሊት ለሁለትና ሦስት ሳምንት ማድረግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጩ ነጠብጣብ ይበልጥ ሊጎላና ቀዝቃዛ ነገር ሊነዝርዎት ይችላል፤ ብዙ ሰው ተበላሸብኝ ብሎ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ቡናማው ካልለቀቀ ሐኪሙ በደካማ አሲድና በደቃቅ ማለስለሻ ከላይኛው ሽፋን ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እስከ ሁለት አሥረኛ የሚሆን ያነሣል። የቀረውን ደብዛዛ ነጭ ደግሞ ሬዚን የተባለ ቀጭን ሙጫ ወደ ቀዳዳዎቹ እንዲሰርግ በማድረግ መደበቅ ይቻላል። ከማንጣቱ በኋላ ግን ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በጥርሱ ውስጥ የሚቀረው ኦክስጅን ሬዚኑ እንዳይያያዝ ያደርጋል።

አንድ ቦታ ገብተው በመጀመሪያው ቀን ስድስት ወይም ስምንት ቬኒየር፣ ማለትም በጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ልባስ፣ ይሠራ ከተባሉ ሌላ ሐኪም ይጠይቁ። ለእሱ ብዙ ጊዜ ከጤነኛ ጥርስ ይሞረዳል፤ የተሞረደው አይመለስም፤ ቬኒየሩም ዕድሜ ልክ ስለማይቆይ አንድ ቀን መለወጡ አይቀርም። የጥርሱ ሽፋን ለተጎደጎደበትና ለሚፈረፈርበት ከባድ ብልዘት ግን ቬኒየር ተገቢ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

የተፈጥሮ ወዳጅ

እኔ ግን በጠቅላላው አልስማማም። የማያም፣ ያልተቦረቦረ፣ የሚያኝክ ጥርስ ምን ሊታከም ነው? መታከም ያለበት የሚያዩት ሰዎች አስተሳሰብ ነው። ሁሉም የበለዘውን ካነጣ ለማንጣት አቅም የሌለው ሰው ይበልጥ ተነጥሎ ይታያል።

ጎህ ቀዳጅ

ወንድሜ፣ በሐሳብ ደረጃ ልክ ነዎት፤ ነገር ግን የሰዎች አስተሳሰብ እስኪታከም ድረስ አፌን በእጄ ሸፍኜ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሆኖም ያነሡት ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ቡናማውን ብቻ አስለቅቄ ነጩን ነጠብጣብ እንዳለ ልተወው ይሆናል፤ ገና አልወሰንኩም። ለእናቴ ግን የሐኪሙን ማብራሪያ አነበብኩላት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ውሃውን እኮ እኔ ነበርኩ የምቀዳው» አለች። እሷም ራሷን እንዳትወቅስ ምን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም።

መዝገብ አገላባጭ

ለእናትዎ የማኬይን ታሪክ ይንገሯቸው። ሙያው የሆነ ሰው፣ መመርመሪያ በእጁ እያለ፣ ውሃው ውስጥ ያለውን ነገር ለማወቅ 30 ዓመት ፈጅቶበታል።

ዝም ያለ ሰው

ሐኪሙ ስለ ተግሣጹ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ቀጠሮ ለመያዝ እያሰብኩ ነው። ግን አፌ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ከየት ይጀመራል? የጠቆረው ጥርስ ቢነቀልስ በሦስት ጎዶሎ ስንት ወር ልሂድ ነው?

ሐኪም ዘጥርስ

ሲገቡ፣ ወንበሩ ላይ ከመጋደምዎ በፊት፣ ቁጭ ብለው ሳሉ «ያልመጣሁት ስላፈርኩ ነው» ብለው ይንገሩት። ሐኪሙ ይህን ሰምቶ ከገሠጸዎት ሌላ ጋ ይሂዱ። ሥራው የሚጀምረው በራጅ ነው፤ የጠቆረው ጥርስ ሥሩ ጤነኛ ከሆነና በቂ አካል ከቀረው በሥር ሕክምና ሊድን ስለሚችል ይነቀል ብለው ቀድመው አይወስኑ። ቀጥሎ መግል ወይም ሕመም ያለበት ይታከማል፤ ከዚያ ድዱ ይጸዳል፤ ቋሚው ምትክ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እስከዚያ ግን ጎዶሎ ሆነው መቆየት የለብዎትም። መነቀሉ የማይቀር ከሆነ አስቀድሞ ልክ ተወስዶ ሦስቱንም የሚተካ ጊዜያዊ ተነቃይ ጥርስ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ጥርሱ በተነቀለበት ሰዓት ይገጠማል። ድዱ ሲሽር ቅርጹ ስለሚለወጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት መላላቱ አይቀርም፤ ያኔ ተመልሰው ያስተካክሉታል። ይህን ጊዜያዊ ጥርስ ብዙ ሐኪም ካልተጠየቀ አያነሣውም፤ እርስዎ ይጠይቁ።